የሜዳ ጥቅም ከየት ይመጣል? ዳኛውስ ስንቱን ይወስዳል?

ጥያቄ፦ «ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር ነው። አንደኛው ‹ባለሜዳ የሚያሸንፈው ዳኛው ስለሚያደላለት ብቻ ነው፣ ማስረጃው ኮሮና ነው፣ ደጋፊ ሲጠፋ ባለሜዳው መሸነፍ ጀመረ› ይላል። እኔ ደግሞ ደጋፊው ተጫዋቹን ስለሚያነሳሳ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? ከዳኛ የሚመጣው ስንት እጁ ነው? ቫር ከመጣ በኋላስ ለምን አልጠፋም?»

ሁለታችሁም የያዛችሁት ግማሹን ነው። ዳኞች ለባለሜዳው እንደሚያደሉ ከበቂ በላይ ተረጋግጧል። ጓደኛህ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ሳይሆን ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ማድላት መኖሩ አንድ ነገር ነው። ያ ማድላት ስንት ግብና ስንት ነጥብ ያመጣል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን መለየት ካልቻልን ክርክሩ መቼም አያልቅም።

መጀመሪያ የምንከራከርበትን ነገር መጠኑን እንወቅ። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በተለመደ ዓመት ባለሜዳው በአንድ ጨዋታ በአማካይ 1.5 ግብ አካባቢ ያገባል፣ ተጋባዡ ደግሞ 1.2 አካባቢ። ልዩነቱ 0.3 ግብ ነው። ከሦስት ጨዋታ አንድ ግብ እንደማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን እግር ኳስ ግብ የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ ይህች ልዩነት አሸናፊውን ለመቀየር ትበቃለች።

ይህ መጠን ደግሞ ባለበት የቆመ አይደለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ የደርሶ መልስ ድምር እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ አብዝቶ ያገባውን ቡድን የሚያሳልፈውን ደንብ በ2021 ሲያነሳ ያቀረበው ቁጥር ይህን ያሳያል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በማኅበሩ ውድድሮች ባለሜዳው 61 በመቶውን ያሸንፍ ነበር፣ ተጋባዡ 19 በመቶውን። ደንቡ በተነሳበት ጊዜ ቁጥሩ 47 ለ 30 ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ ቅናሽ የመጣው በአብዛኛው ቫር ከመኖሩ በፊት ነው። ጉዞ ቀለለ፣ ሜዳዎች ተመሳሰሉ፣ ጨዋታ ሁሉ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፣ ዳኛውም የሚታይ ሰው ሆነ። ከእነዚህ የትኛው ስንት እንደቀነሰ በንጽሕና መለየት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ የሜዳ ጥቅም ከአንድ ምንጭ አይቀዳም።

አሁን ወደ ኮሮናው እንምጣ። የጓደኛህ ማስረጃ ጠንካራ ነው። በ2020/21 የፕሪምየር ሊግ ውድድር ዘመን ስታዲየሞቹ ባዶ ወይም ባዶ ሊባሉ የሚችሉ ነበሩ። ከ380 ጨዋታ ባለሜዳ ያሸነፈው 144ቱን፣ ተጋባዥ ያሸነፈው 153ቱን ነው፤ 83ቱ አቻ አለቁ። በሊጉ ታሪክ ተጋባዦች ከባለሜዳዎች በልጠው ሲያሸንፉ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ብቻ ያየ ሰው «በቃ፣ ነገሩ ደጋፊው ነበር» ቢል አይፈረድበትም።

ግን አንድ ሊግ ብቻ ማየት ያታልላል። የጀርመን ቡንደስሊጋ ግንቦት 2020 ላይ ሲመለስ የባለሜዳው ጥቅም ክፉኛ ወረደ። በዚያው አገር በሁለተኛውና በሦስተኛው ሊግ ግን ያን ያህል አልታየም። 15 ሊጎችንና ወደ 4,800 የሚጠጉ ጨዋታዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ደግሞ ይህን አገኘ፦ ደጋፊ እያለ ባለሜዳው በጨዋታ 0.39 ነጥብ ይበልጥ ነበር፣ ደጋፊ ሲጠፋ 0.22 ሆነ። በግብ ሲሰላ ከ0.29 ወደ 0.15 ወረደ። ግማሽ ያህሉ ሄደ፣ ግማሽ ያህሉ ቀረ ማለት ነው። ባዶ ስታዲየም ውስጥም ባለሜዳ መሆን ይጠቅም ነበር።

ይህ የጓደኛህን ክርክር ጣሪያ ያበጅለታል። ዳኛው የሚያደላው በደጋፊ ጫና ከሆነ፣ የዳኛው ድርሻ ደጋፊው ይዞት ከሄደው ግማሽ ሊበልጥ አይችልም። ያ ግማሽ ደግሞ የዳኛው ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹም ከውስጡ ድርሻ አለው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የኮሮና ጊዜ ጨዋታ ልዩነቱ ደጋፊ አለመኖሩ ብቻ አልነበረም። ፕሮግራሙ ተጨናነቀ፣ ቅያሪ በብዙ ሊጎች ወደ አምስት ከፍ አለ፣ ዝግጅት አጠረ። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ግምት ያዛቸው እንጂ ማኅተም አታድርግባቸው።

ዳኛው እንደሚያደላ እንዴት ታወቀ? ቢጫ ካርድ ቆጥሮ «ተጋባዡ ይበዛበታል» ማለት ብዙ አያስኬድም። ተጋባዥ ቡድን ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ይከላከላል። የሚከላከል ደግሞ ይዘገያል፣ ይጎትታል፣ ይጠልፋል። ካርዱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሲፈልጉ የኖሩት ተጫዋቾቹ ምንም የማይቀይሩበትን፣ ዳኛው ብቻ የሚወስንበትን ነገር ነው። አገኙትም። የባከነ ሰዓት ነው።

በስፔን ላሊጋ የ1994/95 እና የ1998/99 ውድድር ዘመናት ጨዋታዎች ተመርምረዋል። ባለሜዳው በአንድ ግብ ሲመራ ዳኛው በአማካይ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ጨመረ። ባለሜዳው በአንድ ግብ ሲመራበት ግን አራት ደቂቃ አካባቢ ጨመረ። ካርዱን፣ ቅያሪውን፣ ጉዳቱን ሁሉ ከግምት አስገብተው ሲያዩትም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚገርመው ቀጣዩ ነው። ልዩነቱ ሁለት ግብና ከዚያ በላይ ሲሆን ማድላቱ ድራሹ ጠፋ። ጨዋታው ያለቀለት ስለሆነ የሚጮህም የለም፣ ጩኸቱ የሚቀይረውም ነገር የለም። በሁለቱ ዘመናት መካከል ደግሞ የድል ነጥብ ከሁለት ወደ ሦስት አድጎ ነበር። ደቂቃዋ ስትወደድ ማድላቱም ጨመረ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ተገዝተው ነዋ» ይላል። አይደለም። ይህን የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። በእንግሊዝ 40 የሠለጠኑ ዳኞች ተሰበሰቡ። የሊቨርፑልና የሌስተር ጨዋታ ተቀርጾ 47 ንክኪዎች ተቆርጠው ወጡ። ዳኞቹ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ጥፋት ነው ወይስ አይደለም ብለው ወሰኑ። ግማሾቹ ከነድምፁ አዩት፣ ግማሾቹ ድምፁ ተዘግቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የነፉት ጥፋት ከሌሎቹ በ15.5 በመቶ አነሰ። ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ዳኛ ማን ይሰድበዋል? ማን ይገዛዋል? ማንም። ድምፁ ብቻ በቃው።

የማድላቱን ዓይነትም ልብ በል። ዋናው ለውጥ በተጋባዡ ላይ አብዝቶ መንፋት አልነበረም። በባለሜዳው ላይ ሊነፋ የነበረውን ፊሽካ መዋጥ ነው። ይህ ከዳኛ ሥራ ጋር ይገጥማል። አንድ ንክኪ በሰከንድ ውስጥ ያልፋል። ግማሽ በግማሽ የሆነ ጉዳይ ላይ ዳኛው ዐይኑ ያልነገረውን ከጆሮው ይወስዳል። ሠላሳ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ «ኧረ!» ሲል የሆነ ነገር ሆኗል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ችግሩ እነዚያ ሠላሳ ሺህ ሰዎች ለተጋባዡ ተጫዋች ተጠልፎ ሲወድቅ አለመጮሃቸው ነው። ማስረጃው ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል።

ከእውነተኛ ሜዳም ማረጋገጫ አለ። በቡንደስሊጋ በሜዳውና በመቀመጫው መካከል የሩጫ መም ያላቸው ስታዲየሞች ነበሩ። እዚያ የዳኛው ማድላት ቀነሰ። ደጋፊው በቁጥር ያው ነው፣ ግን ከሜዳው ራቀ። በጣሊያን ደግሞ የካቲት 2007 መጀመሪያ ላይ በካታኒያና በፓሌርሞ ጨዋታ ሁከት ተነስቶ አንድ ፖሊስ ሞተ። መንግሥት የደኅንነት መስፈርት ያላሟሉ ስታዲየሞች ያለ ተመልካች እንዲጫወቱ አዘዘ። ያኔ ኮሮና የለም፣ ፕሮግራም አልተጨናነቀም፣ የተቀየረው ደጋፊው ብቻ ነው። በባዶዎቹ ስታዲየሞች ዳኞች በባለሜዳው ላይ የሚነፉት ጥፋትና የሚያሳዩት ካርድ ጨመረ። የተጫዋቾቹ ቅብብልና ሙከራ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ይህ የመጨረሻው ነገር የአንተን ክርክር ይነካል። «ደጋፊው ተጫዋቹን ያነሳሳል» የሚለው ሁላችንም የምናምነው ነገር ነው፤ በቁጥር ግን ለመያዝ ያስቸግራል። በቅርጫት ኳስ የነጻ ውርወራ ውጤት ተመልከት። ከቅርጫቱ ጀርባ የተቀመጠው ደጋፊ እጁን እያውለበለበ ይጮሃል፣ የተጋባዡ ተጫዋች ብቻውን ቆሞ ይወረውራል። በአሜሪካው ኤንቢኤ የረጅም ዓመት መዝገብ የተጋባዦችና የባለሜዳዎች የነጻ ውርወራ መቶኛ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ጩኸቱ በአንድ ሰው እጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እኛ የምናስበውን ያህል አይደለም። ይህ ማለት ግን ደጋፊ ለተጫዋች ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ነጻ ውርወራ የተለማመዱት፣ የቆመ ነገር ነው። ሩጫ፣ ግፊት፣ በ80ኛው ደቂቃ አንድ ተጨማሪ ኳስ ለማሳደድ መነሳት ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝ ተጫዋቾችን ምራቅ የመረመሩ ሰዎች በገዛ ሜዳቸው ከሚያደርጉት ጨዋታ በፊት የቴስቶስቴሮን ሆርሞን መጠን ከፍ ብሎ አግኝተዋል፣ በተለይ ባላንጣ ሲመጣ። ይህ ዳኛ ገና ፊሽካ ሳይነፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት። ቁጥሮቹን ክብ አድርጌ እሠራለሁ፤ እንደ ፕሪምየር ሊግ 380 ጨዋታ ያለው ሊግ አስብ። የሜዳ ጥቅሙ 0.3 ግብ ከሆነ፣ በዓመት ባለሜዳዎች በድምሩ 114 ግብ ይበልጣሉ። ጥያቄው ከ114ቱ ዳኛው ያመጣው ስንቱን ነው የሚል ይሆናል።

ከፍጹም ቅጣት ምት እንጀምር፤ ሰው የሚጮኸው በዚህ ነውና። በዓመት 100 ያህል ይሰጣል እንበል። ባለሜዳው 60 ያህሉን ይወስዳል፣ ተጋባዡ 40። ልዩነቱ 20 ነው። ከአምስቱ አራቱ ይገባሉ ብንል 16 ግብ። ከ114 ውስጥ ሰባተኛው ክፍል አካባቢ። ጓደኛህ እዚህ ላይ ቢያቆም ደስ ይለዋል። ግን ማቆም አይቻልም። ባለሜዳው የበለጠ ያጠቃል። ወደ ግብ ከሚደረጉ ሙከራዎች 55 በመቶ አካባቢ የእሱ ናቸው። በሳጥኑ ውስጥ አብዝቶ የሚገኝ ቡድን አብዝቶ ይጠለፋል፣ ኳሱም የተከላካይ እጅ አብዝቶ ይነካለታል። በዚህ ልክ ዳኛው ምንም ሳያደላ 55 ያህሉ የባለሜዳው ይሆኑ ነበር። በዳኛው ላይ ልንጥለው የምንችለው ከ60 ላይ የቀረውን 5 ብቻ ነው። 5 ፍጹም ቅጣት ምት ከባለሜዳው ተነስቶ ለተጋባዡ ቢዞር ልዩነቱ በ10 ይቀየራል፤ 8 ግብ።

ወደ ባከነ ሰዓት እንለፍ። በዓመት 140 ያህል ጨዋታዎች 90ኛው ደቂቃ ላይ በአንድ ግብ ልዩነት ይደርሳሉ ብንልና ዳኛው በእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ወደ ባለሜዳው ቢያዘነብል፣ 140 ደቂቃ ነው። አንድ ቡድን በአንድ ደቂቃ የሚያገባው 0.02 ግብ ቢሆን፣ በጠቅላላው 3 ግብ አይሞላም። ያ ሁሉ ዝነኛ ማስረጃ በዓመት ሦስት ግብ! እውነት ነው፣ እነዚህ ግቦች ከሌላው ይከብዳሉ። 93ኛው ደቂቃ ላይ የሚቆጠር ግብ ነጥብ ይቀይራል፣ 4 ለ 0 ላይ የምትቆጠረው አምስተኛዋ ግን አትቀይርም። ቢሆንም ሊግ አይገለብጥም።

ቀይ ካርድ ላይ ብዙ አልቆይም። በዓመት ሃምሳ አካባቢ ነው፣ ተጋባዡ ትንሽ ይበዛበታል፣ አብዛኛው ደግሞ ሰዓቱ ከገፋ በኋላ ይመጣል። ሁለት ሦስት ግብ ብንሰጠው በቂ ነው።

ስንደምረው 13 ወይም 14 ግብ ይሆናል። ከ114 ላይ ከስምንት አንድ አካባቢ ነው። የማይታየው ግን አልተቆጠረም። የተዋጠችው ፊሽካ የመልሶ ማጥቃት መጀመሪያ ልትሆን ትችላለች። ለተጋባዡ ተከላካይ በ20ኛው ደቂቃ የተሰጠች ቢጫ ቀሪውን 70 ደቂቃ በጥንቃቄ እንዲጫወት ታደርገዋለች። ይህን በቀጥታ መቁጠር አይቻልም። ግን መጠኑን የሚገድብ አንድ ነገር አለ። በኮሮና ጊዜ 17 አገሮች ውስጥ 23 ሊጎችን ያየ ጥናት ተጋባዡ የሚያየው ቢጫ ካርድ በጨዋታ በአንድ ሦስተኛ ካርድ እንደቀነሰ አገኘ። በሦስት ጨዋታ አንድ ቢጫ። በመጨረሻው ውጤት ላይ ግን በዚያ ጥናት ግልጽ ለውጥ አልታየም። ካርዱ ተነስቶ ውጤቱ ካልተነሳ፣ ካርዱ ብዙ ክብደት አልያዘም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ቁጥር ስጥ ካልከኝ፣ በዘመኑ ትልልቅ የእግር ኳስ ሊጎች ከሜዳ ጥቅም ወደ አምስት አንድ እጁ ከዳኛ ነው እላለሁ። ከስምንት አንድ አያንስም፣ ከሦስት አንድ ይበልጣል የሚለኝን ሰው ግን ስሌቱን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ስሌቱን አስቀምጬልሃለሁ፣ ግምቶቹን ቀይረህ ራስህ ሞክረው።

ይህ ለእግር ኳስ ነው። ወደ ሌላ ስፖርት አትውሰደው። በኤንቢኤ ባለሜዳው ለረጅም ዓመታት ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን ያሸንፍ ነበር፣ በአሜሪካ ቤዝቦል ደግሞ 54 በመቶ አካባቢ ነው። ቅርጫት ኳስ ውስጥ በአንድ ምሽት እያንዳንዱ ቡድን መቶ ያህል ጊዜ ያጠቃል። በእያንዳንዱ ማጥቃት ላይ ያለች ጥቂት ብልጫ መቶ ጊዜ ትደመራለች። የዳኛውም ፊሽካ ከእግር ኳሱ ይልቅ ይበዛል። ቤዝቦል ውስጥ ደግሞ ከቡድኖች ብልጫ ይልቅ ዕድል ስለሚያመዝን ማንኛውም ጥቅም ይደበዝዛል። የመቶኛው ልዩነት በራሱ የዳኝነት ልዩነት አይደለም።

የቀረው አራት እጅ ከየት ነው? ከፊሉን ቦታ ያመጣዋል። ጫፉን ለማየት የቦሊቪያዋን ላፓዝ አስብ። ኤርናንዶ ሲሌስ ስታዲየም ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ሚያዝያ 2009 አርጀንቲና እዚያ 6 ለ 1 ተሸነፈች። ያን ውጤት ዳኛ አላመጣውም፤ አየሩ ቀጭን ነው፣ ኳሱ በሌላ መንገድ ይበራል፣ የቆላ ሰው ሳንባ ይቃጠላል። አብዛኛው ሊግ ግን ላፓዝ አይደለም። እዚያ የሚሠራው የለመዱትን ሜዳ ማወቅ ነው፦ የሳሩ ቁመት፣ የሜዳው ስፋት፣ ከማዕዘን ሆነህ ስታሻማ ዐይንህ የሚይዘው ነገር። በአሜሪካ ስፖርቶች ወደ አዲስ ስታዲየም የተዛወሩ ቡድኖች በመጀመሪያው ዓመት ከሜዳ ጥቅማቸው ሩብ ያህሉን ያጣሉ። ደጋፊው አልተቀየረም፣ ከተማውም አልተቀየረም። የተቀየረው ቤቱ ነው።

ሚላን ግን ይህን ማብራሪያም ይገድበዋል። ኢንተርና ኤሲ ሚላን ሁለቱም ሳን ሲሮ ላይ ይጫወታሉ። ጉዞ የለም፣ ሜዳውን ሁለቱም እኩል ያውቁታል። የሚቀየረው አብዛኛውን ትኬት የሚይዘው የማን ደጋፊ እንደሆነ ነው። እንዲህ ባሉ የጋራ ስታዲየም ደርቢዎች ላይ የተሠራ ጥናት ባለሜዳ ተብሎ የተመዘገበው ቡድን አሁንም እንደሚጠቀም አሳይቷል። ደጋፊው ብቻውን ይሠራል። ከፊሉን በዳኛው በኩል፣ ከፊሉን በተጫዋቹ በኩል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ትልቁ ነገር ግን ስልት ነው ባይ ነኝ። የተጋባዡ አሰልጣኝ የሜዳ ጥቅም መኖሩን ያምናል። ስለሚያምን አንድ አጥቂ ቀንሶ አንድ አማካይ ይጨምራል። አንድ ነጥብ ይበቃኛል ብሎ ይመጣል። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ባለሜዳው ወደ ፊት ይመጣል። ሙከራው፣ የማዕዘን ምቱ፣ ቅጣት ምቱ፣ የተጋባዡ ቢጫ ሁሉ ከዚያ ይወለዳል። ዳኛው ያመጣው የሚመስለን ብዙ ነገር አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ የወሰነው ነው። ደጋፊው ሲጠፋ ተጋባዦች ደፍረው መጫወታቸውም የዚህ አካል ነው ብዬ አስባለሁ።

ቫር ለምን አላጠፋውም? ምክንያቱም አብዛኛውን ማድላት ስለማያየው ነው። ቫር የተሠራው ለግብ፣ ለፍጹም ቅጣት ምት፣ ለቀጥታ ቀይ ካርድና በስህተት ሌላ ሰው ለተቀጣበት ጉዳይ ነው። እነዚህም ላይ ስህተቱ ግልጽ ካልሆነ ጣልቃ አይገባም። ጩኸት የሚሠራው ደግሞ ግልጽ ባልሆነው ላይ ነው! አማካይ ክፍል ላይ የተዋጠች ፊሽካ፣ ተራ ቢጫ፣ የባከነ ሰዓት ከቫር ቁጥጥር ውጪ ናቸው። ባከነ ሰዓትን የሚያስተካክለው ካሜራ ሳይሆን ቆጠራ ነው። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ዳኞች የባከነውን በትክክል እንዲያሰሉ ሲታዘዙ ስምንትና አሥር ደቂቃ የተለመደ ሆነ። ቁጥሩ ከተለካ ለጩኸት የሚተርፍ ቦታ ይጠባል።

የምመክርህ ይህን ነው። ክርክሩን ከጓደኛህ ጋር በአንድ ጨዋታ አትዳኘው፣ በአንድ ዳኛም አትዳኘው። አንድ ዳኛ በዓመት ሃያ ሠላሳ ጨዋታ ቢመራ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት አወዛጋቢ ውሳኔ በዕድል ብቻ ወደ አንድ ወገን ሊከማች ይችላል። «እገሌ ዳኛ ያደላል» የሚል ዝርዝር ስታይ መጀመሪያ የጨዋታውን ብዛት ጠይቅ። ጥሬ የካርድና የፍጹም ቅጣት ምት ቁጥርም አትቀበል፤ ማን ምን ያህል አጠቃ የሚለው ካልተነሳለት ምንም አይነግርህም።

የምትከታተለውን ሊግ ራስህ መፈተሽ ከፈለግክ የባከነ ሰዓትን ውሰድ። 90ኛው ደቂቃ ላይ በአንድ ግብ ልዩነት የነበሩትን ጨዋታዎች ብቻ ለይ። በአንድ ረድፍ ባለሜዳው ሲመራ፣ በሌላው ሲመራበት አራተኛው ዳኛ በሰሌዳው ያሳየውን ደቂቃ ጻፍ። የሁለተኛውን አጋማሽ ቅያሪና ካርድ ከጎኑ መዝግብ። የሚመራ ተጋባዥ ሰዓት ስለሚገድል የተወሰነ ልዩነት ትክክለኛ ነው፤ ግብ ጠባቂው ኳሱን አቅፎ ሲተኛ ዳኛው መጨመር አለበት። ስለዚህ ባለሜዳው ሲመራም የእሱ ግብ ጠባቂ እንዲሁ እንደሚተኛ አትርሳ፣ ሁለቱን ረድፍ በዚያ ዐይን አወዳድር። በእያንዳንዱ ረድፍ ቢያንስ መቶ ጨዋታ እስኪሞላ አፍህን ያዝ፤ ይህ አንድ ወጥ ሊግ ላይ ሁለት ሦስት የውድድር ዘመን ይወስዳል። ልዩነቱ ከግማሽ ደቂቃ በታች ከወጣ፣ ሊግህ ውስጥ የሜዳ ጥቅሙን ከዳኛው በፊት ተጋባዦች በሚያሰልፉት አሰላለፍ ውስጥ ፈልገው።